«ሞቆኛል» ለማለት «ለጥቂት ተረፍኩ»

ሐምሌ በአዲስ አበባ ጋቢ ያስደርባል። በፈረንሳይዋ ሊዮን ግን ሐምሌ የበጋው እምብርት ነው፤ በምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ የምድጃው ወላፈን ሲጨመርበት ደግሞ አያድርስ ነው። ከድሬዳዋ ሄዶ እንዲህ ባለ ጓዳ ሳህን በማጠብ የሚሠራ አንድ ወጣት እናስብ። ፈረንሳይኛ መማር ከጀመረ ሦስት ወሩ ነው። ላቡን በክንዱ እየጠረገ ለዋናው ምግብ አብሳይ ሙቀቱ እንደከበደው ሊነግረው ፈለገ። በልቡ «ሞቆኛል» አለ። ወዲያው ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የተማረበት እንግሊዝኛ ቀድሞ ደረሰና «አይ አም ሆት» አለው። እሱን ቃል በቃል ገለበጠውና ጮክ ብሎ ተናገረ፦ «ዠ ስዊ ሾ»።

ጓዳው በሳቅ ፈረሰ።

እያንዳንዱ ቃል ለየብቻው ሲታይ ስሕተት የለበትም። «ዠ» እኔ ነው፤ «ስዊ» ነኝ ነው፤ «ሾ» ትኩስ ወይም ሙቅ ነው። ሦስቱ ሲገጣጠሙ ግን ፈረንሳዊ ጆሮ የሚሰማው ስለ አየሩ ሳይሆን ስለ ሥጋ ፍላጎት ነው። ወጣቱ ሳያውቀው የተናገረው ለጓዳ ሳይሆን ለመኝታ ቤት የሚሆን ቃል ነው። ማለት የነበረበት «ዤ ሾ» ነበር፤ በቁሙ ሲተረጎም «ሙቀት አለኝ» እንደ ማለት። (የፈረንሳይኛውን ድምፅ በፊደላችን መጻፍ ጥላውን እንደ መሣል ነው፤ አንባቢ በዚሁ ይታገሰን።)

ፈረንሳይኛ የሰውነትን ስሜት የሚናገረው በአብዛኛው «አቯር» በሚለው ግስ ነው፤ ትርጉሙ «መኖር» በ«አለኝ» ስሜት፣ የባለቤትነቱ ማለት ነው። የራበው ሰው «ዤ ፋን» ይላል፤ ረሃብ አለኝ። የጠማው «ዤ ስዋፍ»፣ የበረደው «ዤ ፍርዋ»፣ እንቅልፉ የመጣ «ዤ ሶሜይ»፣ የፈራ «ዤ ፐር»፣ ያፈረ «ዤ ኦንት» ይላል። «ኤትር» የሚባለው «መሆን» ለእነዚህ አይመጣም። ስሙ ደግሞ ያለ ምንም መስተአምር ከግሱ ጋር ተጣብቆ ስለሚነገር ሁለቱ እንደ አንድ ቃል ሆነዋል። መጣበቃቸውን ማየት የሚፈልግ አንዲት ሴት ስትናገር ይስማ። ቅጽሉ «ሾ» ለሴት «ሾድ» ይሆናል፤ ሾርባውም በፈረንሳይኛ አንስታይ ስለሆነች «ሾድ» ናት። ሴትዮዋ ግን ሙቀት ሲሰማት እንደ ወንዱ «ዤ ሾ» ነው የምትለው። «ዤ ሾድ» የሚባል ነገር የለም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመው። የወጣቱ አስተማሪ ስሕተቱን ሲሰማ «ከአማርኛ እየተረጎመ ነው» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን አማርኛ ከዚህ ስሕተት ንጹሕ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ስለ ራሱ «ሙቅ ነኝ» ወይም «ረሃብ ነኝ» ብሎ አያውቅም። «ሞቀኝ»፣ «ራበኝ» ነው የሚለው። ሰውዬው የድርጊቱ ባለቤት አይደለም፤ ሙቀቱና ረሃቡ መጥተው ያዙት እንጂ። እንዲያውም አማርኛ ሦስቱን ነገር ለይቶ ያስቀምጣል፦ ቡናው ትኩስ ነው፣ አየሩ ይሞቃል፣ እኔን ሞቀኝ። ፈረንሳይኛም እንዲሁ ሦስት ቦታ ከፍሎታል፤ ለቡናው «ኤትር»ን፣ ለአየሩ «ኢል ፌ ሾ» ብሎ «ማድረግ» የሚለውን ግስ፣ ለሰው «አቯር»ን ይጠቀማል። ሦስቱንም በአንድ ቅርጫት የሚከተው እንግሊዝኛ ነው። ቡናውም፣ አየሩም፣ ሰውየውም በእርሱ ዘንድ «ሆት» ናቸው። ስለዚህ ሊዮን ጓዳ ውስጥ የተሳሳተው አማርኛው ሳይሆን በመካከል የገባው አስተርጓሚ ነው።

ጎረቤቶቹ ቋንቋዎችም ለእንግሊዝኛ አይመሰክሩም። ጣልያን «ኦ ካልዶ»፣ ስፔን «ቴንጎ ካሎር» ይላሉ፤ ሁለቱም «ሙቀት አለኝ» ነው። ጀርመን «ሚር ኢስት ሃይስ» ሲል «ለእኔ ሞቋል» እንደ ማለት ነው፤ ለ«ሞቀኝ» ከሁሉም የሚቀርበው ይህ ሳይሆን አይቀርም። በእነዚህም አገሮች የእንግሊዝኛውን መንገድ ተከትሎ «ትኩስ ነኝ» ያለ ሰው ያው የሊዮኑ ሳቅ ነው የሚጠብቀው።

አማርኛ ለፈረንሳይኛ የተሻለ መንደርደሪያ መሆኑን አጥብቆ የሚያሳየው ናፍቆት ነው። አዲስ አበባ ያለች እህቱን ወጣቱ «ናፈቅሽኝ» ይላታል። የግሱ ባለቤት እርሷ ናት፤ እርሱ ተቀባዩ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኝ» ይህንን ትናገራለች። ፈረንሳይኛም «ቱ ም ማንክ» ሲል ልክ እንዲሁ ነው፤ «ቱ» አንቺ፣ «ም» እኔን፣ «ማንክ» ጎደልሽ። እንግሊዝኛ ግን ናፋቂውን ባለቤት አድርጎ ከፊት ያስቀድመዋል። ያንን ተከትሎ «ዠ ት ማንክ» ብሎ የጻፈ ሰው ለእህቱ የላከላት መልእክት «ናፈቅኩሽ» የሚል ይሆናል፤ ናፋቂዋ እርሷ ሆነች ማለት ነው። በአማርኛ «ናፈቅሽኝ»ን ከ«ናፈቅኩሽ» ለይቶ የሚያውቅ ሰው በእንግሊዝኛ በኩል ካልዞረ በቀር እዚህ ላይ የሚሳሳትበት ምክንያት አልነበረውም።

ይህን ያስተዋለ ተማሪ አንድ የምትጠቅም ምልክት ያገኛል። «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «ሞቀኝ»፣ «በረደኝ»፣ «አመመኝ» ሁሉም በ«ኝ» ያልቃሉ፤ «አለኝ»ም በ«ኝ» ያልቃል። ስሜቱ በአማርኛ «ኝ» ካለበት በፈረንሳይኛ «አቯር»ን መጠርጠር ደግ ነው። ምልክቷ ግን እስከ መጨረሻው አታደርስም። «ደከመኝ» በ«ኝ» ቢያልቅም ፈረንሳይኛው «ዠ ስዊ ፋቲጌ» ነው፤ እዚህ ላይ «ኤትር» ነው የሚሠራው፤ ድካም ቅጽል ሆኖ ሰውየው ላይ ተለጥፏልና። በተቃራኒው ደግሞ «ፈራሁ» እና «አፈርኩ» በአማርኛ ሰውየውን ባለቤት ያደርጋሉ፤ ፈረንሳይኛው ግን ሁለቱንም በ«አቯር» ይላቸዋል።

አማርኛ ራሱ የሚያጠምደው ወጥመድ ሌላ ነው፤ ጊዜ ላይ የተዘረጋ። «ሞቀኝ» ስንል ግሱ የለበሰው ያለፈ ጊዜ ልብስ ነው፤ ትርጉሙ ግን አሁን ነው። ልጅ ከውጭ ገብቶ «እማዬ፣ ራበኝ» ሲል ትናንት ስለተራበው አይደለም የሚያወራው። «ርቦኛል» እና «ሞቆኛል»ም እንዲሁ ናቸው፤ ተጀምሮ ያልለቀቀ ስሜት። ፈረንሳይኛ ሰዋስው በደንብ የገባው፣ «ኤትር»ን ትቶ «አቯር»ን የያዘ አማርኛ ተናጋሪ ታዲያ ይህን ያለፈ ጊዜ እንዳለ ይዞት ሊሻገር ይችላል። «ዤ ኡ ሾ» ይላል፤ «ዤ ሾ» ወደ ኃላፊ ጊዜ ተቀይሮ ማለት ነው።

«ዤ ኡ ሾ» በንግግር ፈረንሳይኛ ራሱን የቻለ ፈሊጥ ነው፤ «ለጥቂት ተረፍኩ»። መኪና ሊገጨው ሲል ዘሎ የዳነ፣ የፈተናውን ማለፊያ በግማሽ ነጥብ ያገኘ፣ አለቃው ሳያየው ዘግይቶ ሹልክ ብሎ የገባ ሠራተኛ ይህን ይላል። የጓዳው ወጣት ላቡ በግንባሩ እየወረደ «ዤ ኡ ሾ» ቢል ጓደኞቹ «ምን ሆንክ? ምን ደረሰብህ?» ብለው ይደነግጡለታል። ትናንት ሙቀቱ አላስተኛ ብሎት እንደነበር መናገር ከፈለገ የሚረዳው ሌላው የኃላፊ ጊዜ ነው፤ «ዣቬ ሾ»፣ ሞቆኝ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለጆሮ አንዲት ቁራጭ ድምፅ ናት፤ አንዱ የሚያወራው ስለ አየር ነው፣ ሌላው ስለ ማምለጥ።

በግልባጩም ያው ነው። በአንድ የፈረንሳይ ፊልም ውስጥ ሌባ ከፖሊስ አምልጦ ግድግዳ ተደግፎ «ዤ ኡ ሾ» ቢል፣ ከሥሩ በአማርኛ «ሞቆኝ ነበር» የሚል ጽሑፍ ማስፈር ሌባውን የአየር ጠባይ ዘጋቢ ያደርገዋል። «ለትንሽ!» ማለት ይበቃዋል።

ረሃብ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ግማሹ የምላስ ነው። «ፋን» ብለን የጻፍነው ቃል መጨረሻው ላይ «ን» የለበትም፤ አናባቢው በአፍንጫ ያልፋል እንጂ ምላስ ላንቃ አይነካም። አማርኛ እንዲህ ያለ የአፍንጫ አናባቢ ስለሌለው ተማሪው ወደ ሚያውቀው ድምፅ ይጠጋል። ሲጻፍ መጨረሻው ላይ የሚያየውን ፊደል ተከትሎ «ዤ ፋም» ካለ ግን ሌላ ቦታ ደረሰ፤ «ፋም» ሴት ወይም ሚስት ናት። በእንግሊዝኛው መንገድ ሄዶ «ዠ ስዊ ፋን» ያለው ደግሞ ቃሉን በትክክል ቢጠራው እንኳ አይድንም። «መጨረሻ» የሚለው ስምም፣ «ቀጭን» ወይም «ረቂቅ» የሚለው ቅጽልም ድምፃቸው ከረሃብ ጋር አንድ ስለሆነ አድማጩ «ቀጭን ነኝ» ሲል ሊሰማው ይችላል። በካናዳዋ ኪውቤክ ይኸው ቅጽል «ደግ» ማለትም ነው። ምሳ ሰዓት ላይ «እኔ ደግ ሰው ነኝ» ብሎ ማስታወቅ ምሳ አያስቀርብም።

ከተበላ በኋላም አደጋው አላለፈም። የፈረንሳይ ባልቴት ሳህኑን እንደገና ልትሞላ ስትነሣ እንግዳው «በቃኝ፣ ጠገብኩ» ሊላት ይፈልጋል። እንግሊዝኛው «ሙሉ ነኝ» ስለሚል «ዠ ስዊ ፕላን» ብሎ ይገለብጠዋል። ይህ በመንደር ፈረንሳይኛ «ሰክሬአለሁ» ነው፤ ሴት ከሆነች ደግሞ «ፕሌን» የሚባለው ለረገዘች ላም ወይም ድመት ነው። ጨዋው መልስ ስለ ሆድ አያነሣም፤ «ዠ ኔ ፕሊዩ ፋን»፣ ከእንግዲህ አልራበኝም፣ ወይም በደንብ በልቻለሁ ማለት ነው። አማርኛም ለዚህ ቃል እጁ ንጹሕ አይደለም። አማርኛ የሚማር ፈረንሳዊ «ጠገበ»ን ከመዝገበ ቃላት አውጥቶ ስለ አስተናጋጁ ጎረምሳ «ይኼ ልጅ ጠግቧል» ቢል ምን እንደሚከተል አንባቢ ያውቀዋል።

ሦስተኛው፣ «ኤትር አን ፎርም» የሚባለው፣ ከሁሉም የዋህ ይመስላል። እዚህ ላይ ግሱ «ኤትር» ስለሆነ፣ ቃሉም ከእንግሊዝኛው ጋር ስለሚመሳሰል ተማሪው ዘና ይላል። በአማርኛ «ፎርም» ሲባል ብዙ ጊዜ ቀበሌ የሚሞላ ወረቀት ትዝ ቢለንም «ቅርጽ» መሆኑን ለመገመት አያስቸግርም። ከዚያ «ቅርጽ ላይ ነኝ» ተብሎ ይተረጎማል፤ ይህም በአማርኛ ምንም ማለት አይደለም። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ይህንን ቀድመው ስላወቁት ስለ አንድ አጥቂ ሲያወሩ «ጥሩ አቋም ላይ ይገኛል»፣ «አቋሙ ወርዷል» ይላሉ። ለሜዳ ላይ ወሬ ከዚህ የተሻለ የለም።

ለጓዳና ለቢሮ ግን «አቋም»ም ይከብዳል። ፈረንሳዮች ይህን ሐረግ የሚጠቀሙበት በየዕለቱ ነው፤ የሰማንያ ዓመት አያታቸውን አይተው «አን ፎርም ናቸው» ሲሉ ጡንቻቸውን ማለታቸው አይደለም። ነቃ፣ ፈካ ብለዋል፤ አማርኛው «እንዴት በርትተዋል!» ነው። ጠዋት ሲገናኙም «ላ ፎርም?» ብለው ይጠያየቃሉ፤ «በረታህ?» እንደ ማለት። የጤና ምርመራ ውጤት የሚባለው ሌላ ቃል ነው። ስኳሩን በመድኃኒት የሚቆጣጠር ሰው ዛሬ «አን ፎርም» ሊሆን ይችላል፤ በምርመራ ምንም ያልተገኘበት ጎረምሳ ደግሞ ሌሊቱን ሲጨፍር አድሮ «አን ፎርም» ላይሆን ይችላል።

ልዩነቱ የሚወጣው አሉታው ላይ ነው። በእንግሊዝኛ «ቅርጼ ላይ አይደለሁም» የሚል ሰው ስለ ወራት ነው የሚያወራው፤ ስፖርት ትቶ ሰውነቱ ተበላሽቷል፣ ደረጃ ሲወጣ ይተነፍሳል። በፈረንሳይኛ «ዠ ን ስዊ ፓ አን ፎርም» ያለ ሰው ግን ስለ ዛሬ ነው የሚናገረው፤ ዛሬ ደስ አላለኝም፣ ሰውነቴ ከብዶኛል። የምግብ ቤቱ ሠራተኛ ጠዋት ደውሎ ይህን ቢል አለቃው «አሞታል፣ ላይመጣ ይችላል» ብሎ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ቃሉን በእንግሊዝኛ በኩል የተማረው የእኛ ወጣት ግን የባልደረባውን ስልክ ተቀብሎ «ስፖርት መሥራት ትቶ ሰውነቱ ተበላሽቷል ይላል» ብሎ መልእክት ቢያደርስ፣ አለቃው ሰውየው ይቅርና ለምን እንደደወለ እንኳ አይገባውም።

እስካሁን ያየናቸው ስሕተቶች ትርፋቸው ሳቅና እፍረት ነው። አንዱ ግን ሆስፒታል ያደርሳል፤ ወይም፣ ከዚያ በከፋ፣ ከሆስፒታል ያስቀራል። ፈረንሳይኛ ሕመምን «አቯር ማል» ይለዋል፤ ሕመም አለኝ። ከዚያ የአካሉ ስም ይከተላል፤ ራስ ከሆነ ራስ፣ እግር ከሆነ እግር። አማርኛም «ራሴን አመመኝ»፣ «እግሬን አመመኝ» ስለሚል ተማሪው ይህን በአንድ ቀን ይለምደዋል። «ከር» ልብ መሆኑንም ያውቃል። ደረቱን ወጋ ወጋ ሲያደርገው ታዲያ «ልቤን አመመኝ»ን በቀጥታ ይገለብጣል፦ «ዤ ማል ኦ ከር»።

ይህ በፈረንሳይኛ «አቅለሸለሸኝ» ማለት ነው።

አውቶቡስ ላይ የሚያዞረው ልጅ፣ በእርግዝናዋ መጀመሪያ ያለች ሴት፣ ቅባት የበዛበት ወጥ የበላ ሰው የሚሉት ነው። በፈረንሳይ የሕክምና አስቸኳይ ስልክ 15 ነው። እዚያ ደውሎ «ዤ ማል ኦ ከር» ያለ ሰው መልስ ሰጪዋ በመጀመሪያ የምትጠይቀው ምን እንደበላና አስመልሶት እንደሆነ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ጠያቂ ከሆነች ቦታውን አስጠቁማ ትደርስበታለች፤ ያለፉት ደቂቃዎች ግን አይመለሱም። መባል ያለበት «ዤ ማል ዳን ላ ፕዋትሪን» ነው፤ «ፕዋትሪን» ደረት ነው። አስተርጓሚዎችም በሌላው አቅጣጫ ይህንኑ ማስታወስ አለባቸው። ነፍሰ ጡሯ ፈረንሳዊት «ማል ኦ ከር» ስትል «ልቧን አሟታል» ብሎ ለአበሻው ነርስ ማስተላለፍ ሌላ ድንጋጤ ነው።

«ዤ ሾ»ም ሐኪም ቤት ሲገባ ይለወጣል። ሐኪሙ በሽተኛዋን «ሙቀት ይሰማዎታል?» ብሎ በ«አቯር ሾ» ሲጠይቃት፣ አስተርጓሚው ግሱን ጠብቆ «ሙቀት አለዎት?» ቢላት በአማርኛ የተጠየቀችው ስለ ትኩሳት ነው፤ «አዎ፣ ማታ ለክተውኝ 38 ነበር» ልትል ትችላለች። ሐኪሙ ግን መስኮት ይከፈት እንደሆነ ነበር የጠየቀው። «ረሃብ አለኝ»ም እንዲሁ ነው። በአማርኛ ረሃብ «አለ» ሲባል የሚመጣው የአንድ ሰው ምሳ ሳይሆን ዝናብ የቀረበት አገር ነው።

ወደ ሊዮኑ ጓዳ እንመለስ። ወጣቱ ከዚያ ቀን ሳቅ በኋላ «ዠ ስዊ ሾ»ን እርም ብሎ ትቷል። ጓዳው ውስጥ ግን ቃሉ እንደ ዝንብ ይበራል። የሚፈላ ድስት የያዘ ሰው በሠራተኞች መካከል ሲያልፍ «ሾ ደቫን!» እያለ ይጮኻል፤ «ትኩስ ነው፣ ከፊቴ!» ነው ነገሩ፤ በፈረንሳይ ምግብ ቤቶች ሁሉ የታወቀ ነው። ወጣቶቹም እርስ በርሳቸው «ዠ ስዊ ሾ» ይባባላሉ፤ ሌላ የሚሳሳት ሰው ያለ ይመስለዋል። በአራዳ ፈረንሳይኛ ይኸው ዓረፍተ ነገር «ዝግጁ ነኝ፣ አለሁበት» ማለት ከሆነ ቆይቷል፤ እኩዮች ስለ ዕቅድ ሲነጋገሩ ከሆነ ማንም አይስቅም፤ ባልቴቷ ምሳ ጠረጴዛ ላይ ሲሉት ግን ያው የድሮው ነው።

ቅዳሜ ኳስ ሊጫወቱ የተቀጣጠሩት ጓደኞቹ አንድ ሰው ጎደላቸው። አንዱ ወደ እርሱ ዞሮ «ለቅዳሜ ሾ ነህ?» አለው። ወጣቱ ትምህርቱ ትዝ አለው፤ ጉሮሮውን ጠረገና ግሱን አስተካክሎ፣ ጊዜውን ጠብቆ፣ «ዤ ሾ» ሲል መለሰ።

ጓደኛው ሄዶ መስኮቱን ከፈተለት።